ፖይሶን ሪግሬሽን ከኦፍሴት ጋር፦ ስለ በሽታ ሬት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚሄዱት በአንድ ዳታ ላይ ነው፤ ሪቻርድ ዶል እና ብራድፎርድ ሂል 1951 ላይ የጀመሩት የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናት፣ የወንዶቹ በልብ ደም ስር በሽታ የመሞት ነገር።

| ዕድሜ | አጫሾች፦ ሞት | አጫሾች፦ የሰው-ዓመት | የማያጨሱ፦ ሞት | የማያጨሱ፦ የሰው-ዓመት |
|---|---|---|---|---|
| 35-44 | 32 | 52407 | 2 | 18790 |
| 45-54 | 104 | 43248 | 12 | 10673 |
| 55-64 | 206 | 28612 | 28 | 5710 |
| 65-74 | 186 | 12663 | 28 | 2585 |
| 75-84 | 102 | 5317 | 31 | 1462 |

የሞተውን ቆጥሬ ባወዳድር ምን ችግር አለው? ሪግሬሽን ለምን ያስፈልጋል?

ሰንጠረዡን ደምሩት። ከአጫሾቹ 630 ሰው ሞቷል፣ ከማያጨሱት 101። ይሄን ብቻ ያየ ሰው ማጨስ ሞትን ከስድስት እጥፍ በላይ ያበዛል ሊል ነው፣ ግን አጫሾቹ የታዩት በድምሩ ለ142,247 የሰው-ዓመት ሲሆን የማያጨሱት ለ39,220 ብቻ ነው። ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ከተከታተልክ ብዙ ሞት ታያለህ፣ ምንም ባያጨሱም። ስለዚህ መወዳደር ያለበት ሬቱ ነው፣ ማለትም ሞት ሲካፈል ለታየው ጊዜ፦ ለአጫሾች በ1000 የሰው-ዓመት 4.43፣ ለማያጨሱ 2.58፣ ሬሾው 1.72።

እስከዚህ ድረስ ካልኩሌተር ይበቃል። ሪግሬሽኑ የሚመጣው ዕድሜን የመሰለ ሌላ ነገር እኩል አድርጋችሁ ማወዳደር ስትፈልጉ ነው። ፖይሶን የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ የሞት ቁጥር 0፣ 1፣ 2 እያለ የሚሄድ ቆጠራ ስለሆነ ነው፣ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ አማካዩ ሲጨምር መበታተኑም አብሮ ይጨምራል። ተራ ሊኒየር ሪግሬሽን 2 ሞት ያለውን ረድፍ እና 206 ሞት ያለውን ረድፍ እኩል እርግጠኝነት እንዳላቸው አድርጎ ነው የሚያያቸው፣ ይሄ ደግሞ ልክ አይደለም።

የሰው-ዓመት በትክክል እንዴት ነው የሚቆጠረው?

እያንዳንዱ ሰው "አሁን ቢሞት እንቆጥረው ነበር" የሚባልበት ጊዜ ሁሉ ይደመራል። ሰዓቱ የሚጀምረው ሰውየው ጥናቱ ውስጥ ሲገባ ነው፣ የሚቆመው ሲሞት ወይም ሲጠፋ ወይም ክትትሉ ሲያልቅ፣ ከሦስቱ ቀድሞ በመጣው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕድሜ ላይ ነው። በ52 ዓመቱ ገብቶ በ58 ዓመቱ የሞተ ሰው 6 የሰው-ዓመት አለው፣ ግን ስድስቱም አንድ ረድፍ ውስጥ አይገቡም፤ 3ቱ ለ45-54፣ 3ቱ ለ55-64 ይሰጣሉ፣ ሞቱ ደግሞ የሚቆጠረው በሞተበት ዕድሜ፣ ማለትም 55-64 ላይ ነው። ሁሉንም በገባበት ዕድሜ ብትመዘግቡት የ45-54 ሬት ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ይሄን መከፋፈል በእጅ መስራት አያስፈልግም፣ R ላይ `survSplit` አለ፣ Stata ላይ `stsplit`።

የምትቆጥሩት ሞት ሳይሆን የበሽታው የመጀመሪያ ጊዜ መያዝ ከሆነ ደግሞ፣ ቀድሞ የታመመ ሰው ጊዜ አይቆጠርም፣ አዲስ ሰውም ከታመመበት ቀን በኋላ ያለው ጊዜው ይወጣል።

ኦፍሴት ምንድነው? ለምንስ ሎግ ይወሰድለታል?

ሞዴሉ የሚገምተው የሬቱን ሎግ ነው። ሬት ማለት የሚጠበቀው ሞት ሲካፈል ለሰው-ዓመት ስለሆነ፣ ማካፈሉ በሎግ ውስጥ መቀነስ ይሆናል፣ ከዛ የሰው-ዓመቱን ወደ ቀኝ ስታሻግሩት ይሄ ይመጣል፦

```
log(deaths / pyears) = a + b*smoke
log(deaths) = log(pyears) + a + b*smoke
```

ያቺ `log(pyears)` ናት ኦፍሴት የምትባለው። ከሌሎቹ ተለዋዋጮች የምትለየው ኮኤፊሸንቷ አይገመትም፣ 1 ላይ ታስሯል። ትርጉሙ ቀላል ነው፣ የታየው ጊዜ እጥፍ ከሆነ የሚጠበቀው ሞትም እጥፍ ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ። ኦፍሴት ከማድረግ ይልቅ እንደ ተራ ተለዋዋጭ ብትጨምሯት ግን ሞዴሉ የራሱን ኮኤፊሸንት ይፈልግላታል፣ 0.8 ወይም 1.3 ሊያመጣ ይችላል፣ ያኔ ሌሎቹን ኮኤፊሸንቶች የሬት ሬሾ ብላችሁ ልታነቧቸው አትችሉም።

ሎጉን መርሳት ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ስህተት ነው። በዚህ ዳታ ላይ `offset(pyears)` ብትሉ 52407ን እንደ ሎግ ስለሚወስደው ሞዴሉ ወዲያው ይበላሻል፣ ስለዚህ ታዩታላችሁ። የሚያሰጋው የእያንዳንዱ ረድፍ ጊዜ ትንሽ ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ 0.5 ወይም 2 ዓመት፤ ምንም ኤረር ሳይወጣ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣችኋል። Stata የምትጠቀሙ ደግሞ ልብ በሉ፣ `exposure(pyears)` ሎጉን ራሱ ይወስዳል፣ `offset()` ግን አይወስድም፣ እናንተ ቀድማችሁ የሰራችሁትን የሎግ ተለዋዋጭ ነው የሚጠብቀው።

እሺ እንዴት ነው የሚሰራው? ውጤቱስ እንዴት ይነበባል?

R ላይ ይሄን ያህል ነው፦

```r
d <- data.frame(
  age    = rep(c("35-44","45-54","55-64","65-74","75-84"), 2),
  smoke  = rep(c(1, 0), each = 5),
  deaths = c(32,104,206,186,102, 2,12,28,28,31),
  pyears = c(52407,43248,28612,12663,5317,
             18790,10673,5710,2585,1462))
m <- glm(deaths ~ smoke + age + offset(log(pyears)),
         family = poisson, data = d)
exp(cbind(coef(m), confint.default(m)))
```

የማጨስ ኮኤፊሸንት 0.354 አካባቢ ነው፣ `exp` ስታደርጉት 1.43፣ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ1.15 እስከ 1.76። ንባቡም እንዲህ ነው፦ እኩል የዕድሜ ክልል ውስጥ ካሉት መሀል፣ የአጫሾቹ የሞት ሬት የማያጨሱት 1.43 እጥፍ ነው። ኢንተርሴፕቱ `exp` ሲደረግ 0.00036 ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ የማያጨሱና ከ35-44 ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ሬት በአንድ የሰው-ዓመት ነው፣ በ1000 ሲባል 0.36።

አንድ ነገር ልጨምር፣ `predict`ን በ`type = "response"` ስትጠቀሙ የሚሰጣችሁ ቁጥር ሬት አይደለም፣ በሰጣችሁት የሰው-ዓመት ውስጥ የሚጠበቀው ሞት ነው። ሬት ከፈለጋችሁ አዲሱ ዳታ ላይ `pyears = 1000` አድርጉ። ለ55-64 የማያጨሱ 5.03፣ ለአጫሾች 7.17 ይሰጣችኋል።

ካልኩሌተር 1.72 ሰጥቶኝ ሞዴሉ 1.43 የሚለኝ ለምንድነው? የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም በትክክል የተሰሉ ናቸው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለያየው። ከማያጨሱት የሰው-ዓመት ውስጥ 48% የሚሆነው በ35-44 ዕድሜ ያለ ነው፣ ከአጫሾቹ ግን 37% ብቻ። ማለትም አጫሾቹ በአማካይ ትልልቅ ናቸው፣ የልብ ሞት ደግሞ በዕድሜ በጣም ነው የሚጨምረው፣ በዚሁ ሞዴል የ75-84 ሬት የ35-44ን 40 እጥፍ ነው። 1.72 ውስጥ የማጨስም የዕድሜም ድርሻ ተደባልቆ አለ፣ 1.43 የዕድሜውን አውጥቶታል። የማጨስን ድርሻ ለማወቅ የፈለገ ሰው 1.43ን ነው የሚይዘው፣ እሱም ቢሆን ገና ችግር አለበት፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የሰው-ዓመቱን በቀን ወይም በ1000 ብቀይረው ውጤቱ ይለወጣል?

የሚለወጠው ኢንተርሴፕቱ ብቻ ነው። የሬት ሬሾዎቹም ኮንፊደንስ ኢንተርቫላቸውም እንዳሉ ይቀራሉ።

ዜሮ ሞት ያለበት ረድፍ ቢኖረኝስ? ልሰርዘው?

በፍጹም አትሰርዙት። ማንም ያልሞተበት 3000 የሰው-ዓመት ትልቅ መረጃ ነው፣ ብታወጡት ሬቱን ከፍ አድርጋችሁ ነው የምትገምቱት። ሎግ የሚወሰደው ለሚጠበቀው ሞት እንጂ ለታየው ቁጥር ስላልሆነ ዜሮ ቆጠራ ምንም ችግር አይፈጥርም። ችግር የሚፈጥረው የሰው-ዓመቱ ዜሮ ከሆነ ነው፣ `log(0)` ማይነስ ኢንፊኒቲ ስለሚሆን ሞዴሉ ይቆማል፤ እንደዛ ያለ ረድፍ ማንም ያልታየበት ስለሆነ ይወጣል፣ ሞት ተመዝግቦበት ጊዜው ዜሮ ከሆነ ግን የአቆጣጠር ስህተት አለና መዝገቡን ተመልሳችሁ እዩ።

አንድ የተወዳዳሪ ቡድን ሙሉ በሙሉ ዜሮ ሞት ካለው ደግሞ ሬሾው መጨረሻ የለውም፣ ኮኤፊሸንቱ -20 የመሰለ ነገር ሆኖ ስታንዳርድ ኤረሩ በሺዎች ይመጣል። ይሄን ካያችሁ ቁጥሩን ሪፖርት አታድርጉት፣ ቡድኖችን አዋህዱ ወይም ኤግዛክት የሚባለውን ስሌት ተጠቀሙ።

ዴቪያንሱ ከዲግሪ ኦፍ ፍሪደም በጣም በለጠ። ኦቨርዲስፐርሽን ነው፣ ወደ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ልሂድ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ብዙ ሰውም ቸኩሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። የኛ ሞዴል ዴቪያንስ፣ ማለትም ሞዴሉ ከዳታው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ቁጥር፣ 12.13 ነው በ4 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም፣ ፒ-ቫልዩ 0.016፣ ማለትም ሞዴሉ ዳታውን በደንብ አልገለጸም። ይሄን ያየ ሰው ወዲያው "ኦቨርዲስፐርሽን"፣ ማለትም መበታተኑ ፖይሶን ከሚጠብቀው በላይ ነው፣ ይልና ኳሲ-ፖይሶን ወይም ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ይጠቀማል። ዴቪያንሱ ግን የሚነግራችሁ ሞዴሉ እንዳልገጠመ ብቻ ነው፣ ለምን እንዳልገጠመ አይነግራችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የቱ ረድፍ እንዳልገጠመ እዩ፣ `residuals(m, type = "pearson")` ብላችሁ። ሁለት ረድፎች ጎልተው ይወጣሉ፣ ሁለቱም የማያጨሱ ናቸው፦ በ35-44 ሞዴሉ 6.8 ሞት ጠብቆ 2 ነው የታየው፣ በ75-84 ደግሞ 21.5 ጠብቆ 31 ታየ። አንዱ ታች ሌላው ላይ፣ በዕድሜው ሁለት ጫፍ። ዝም ብሎ የተበታተነ ነገር እንዲህ መልክ አይኖረውም።

አሁን ሬሾውን ለየዕድሜው ለብቻ አስሉት፣ በእጅም ይቻላል፦ 5.74፣ 2.14፣ 1.47፣ 1.36፣ 0.90። ሞዴሉ "ማጨስ በየትኛውም ዕድሜ ሬቱን በእኩል ያበዛል" ብሎ 1.43 ላይ አስሮት ነበር፣ ዳታው ግን ሬሾው ከዕድሜ ጋር እየወረደ ይሄዳል እያለ ነው። የጎደለው ኢንተርአክሽን ነው። ለዕድሜ ከ0 እስከ 4 ተራ ቁጥር ሰጥተን አንድ ፓራሜትር ብቻ እንጨምር፦

```r
d$k <- rep(0:4, 2)
m2 <- update(m, . ~ . + smoke:k, data = d)
deviance(m2)
```

ዴቪያንሱ ከ12.13 ወደ 1.5 አካባቢ ወረደ፣ በ3 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም፣ አሁን በደንብ ገጥሟል። በዚህ ሞዴል ሬሾው ከ35-44 ላይ 3.1 አካባቢ ይጀምርና በየ10 ዓመቱ በ0.73 እየተባዛ ወርዶ መጨረሻው 0.9 ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ የታየው 5.74 ወደ 3.1 የወረደው የቆመው በ2 ሞት ላይ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ለብቻው ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ1.4 እስከ 24 ነው። 0.90ም ቢሆን ኢንተርቫሉ ከ0.6 እስከ 1.35 ስለሆነ "በእርጅና ማጨስ ይጠቅማል" የሚል ሰው ካለ ዳታው አይደግፈውም። ደግሞ ሬሾ ወረደ ማለት ጉዳቱ ቀነሰ ማለት አይደለም፣ ሬቶቹን አንዱን ከሌላው ቀንሱና እዩ፣ በ35-44 ልዩነቱ በ1000 የሰው-ዓመት 0.5 ሞት ነው፣ በ65-74 ግን 3.9። በዕድሜ ከፍ ሲባል የማያጨሱትም ሬት ስለሚጨምር ነው ሬሾው የሚጠበው።

ኳሲ-ፖይሶን ብንጠቀም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ፒርሰን ካይ-ስኩዌሩ 11.16 ለ4 ሲካፈል 2.79 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 1.67፣ ስለዚህ ስታንዳርድ ኤረሩ በ1.67 ይባዛና ኢንተርቫሉ ከ1.00 እስከ 2.03 ይሰፋል። 1.43 እዛው ይቀመጣል። ማለትም አንድ የማይወክል ቁጥር ይዘን ዙሪያውን አሰፋነው እንጂ በዳታው ውስጥ ያለውን ቁም ነገር አላየነውም።

ታዲያ ኳሲ-ፖይሶንና ኔጌቲቭ ባይኖሚያል መቼ ነው ቦታቸው?

ሬሲዱዋሎቹን አይታችሁ፣ ኢንተርአክሽኑንም የዕድሜውን ቅርጽም ሞክራችሁ፣ ምንም መልክ የሌለው መበታተን ሲቀር ነው። ለምሳሌ ረድፎቻችሁ ወረዳ ወይም ክሊኒክ ከሆኑና በመሀላቸው ያልለካችሁት ልዩነት ካለ፣ ወይም በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሆኖ ኬዞቹ በአንድ ላይ የሚመጡ ከሆነ። ያኔ ተራው ፖይሶን ስታንዳርድ ኤረሩን አሳንሶ ስለሚሰጥ ያልሆነ እርግጠኝነት ይፈጥራል።

ልዩነታቸውን በአጭሩ፦ ኳሲ-ፖይሶን ኮኤፊሸንቱን አይነካም፣ ኢንተርቫሉን ብቻ ያሰፋል። ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ግን ለረድፎቹ የሚሰጠውን ክብደት ስለሚቀይር (ትልቅ ቆጠራ ያላቸው ረድፎች ከፖይሶን ያነሰ ክብደት ያገኛሉ) ኮኤፊሸንቱም ሊቀየር ይችላል። በሁለቱም ውስጥ ኦፍሴቱ እንዳለ ይቀጥላል፣ `glm.nb` ላይም የሚጻፈው በዚያው መንገድ ነው።

በሰው በሰው ያለ ዳታ ልጠቀም ወይስ የተደመረ? ለምንድነው ዴቪያንሱ የሚለያየው?

እያንዳንዱ ሰው በዕድሜ ተከፋፍሎ፣ ሞት 0 ወይም 1፣ ከጊዜው ጋር በየረድፉ ቢቀመጥ፣ ኮኤፊሸንቶቹም ስታንዳርድ ኤረሮቹም ከተደመረው ሰንጠረዥ ጋር አንድ ናቸው፣ ሞዴሉ ውስጥ ያሉት ተለዋዋጮች አንድ እስከሆኑ ድረስ። ስለዚህ ትልቅ ፋይል ካላችሁ ደምሩት፣ ስሌቱ ይፈጥናል፣ ምንም አታጡም።

ዴቪያንሱ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰው በሰው ሲሆን አብዛኛው ረድፍ ዜሮ ስለሆነ ዴቪያንሱ ከዲግሪ ኦፍ ፍሪደም እጅግ ያንሳል፣ ያየ ሰው "ሞዴሉ በጣም ጥሩ ገጠመ" ወይም "ኦቨርዲስፐርሽን የለም" ይላል። ሁለቱንም ማለት አይቻልም፣ በ0 እና 1 ረድፎች ላይ ይሄ ቁጥር ስለ መግጠም ምንም አይናገርም። ከላይ ያየነው 12.13 የተገኘው ዳታው ወደ 10 ረድፍ ስለተደመረ ነው፣ የዛው ሞዴል የሰው በሰው ፋይል ላይ ቢሆን ያ ምልክት አይታይም ነበር። ሁለት ሞዴሎች መሀል ያለው የዴቪያንስ ልዩነት ግን በሁለቱም አይነት ፋይል አንድ ነው፣ 12.13 ሲቀነስ 1.5 ማለትም 10.6 አካባቢ፣ ስለዚህ ኢንተርአክሽኑን ለመፈተሽ እሱን መጠቀም ይቻላል።

አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታመምበት በሽታ ከሆነ (እንደ ወባ ወይም አስም) ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞት አንዴ ነው፣ ስለዚህ የአንድን ሰው ጊዜ ወደ ብዙ ረድፍ መከፋፈል ችግር አልነበረውም። ደጋግሞ የሚታመም ሰው ግን ኬዞቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፣ አምስት ጊዜ የታመመ አንድ ሰው እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ ከታመሙ አምስት ሰዎች ጋር እኩል መረጃ አይሰጥም። ያኔ ስታንዳርድ ኤረሩን በሰው መለያ ክላስተር አድርጋችሁ አስሉ ወይም ለየሰው ራንደም ኢፌክት ጨምሩ፣ ከህመሙ በኋላ እንደገና መያዝ የማይችልበት የህክምና ቀናት ካሉም ከሰው-ዓመቱ ላይ ቀንሱ።